የተሳሳተ ቢት ሁሉ ወደ መነሻ አይመልስም፦ ስለ ተደራራቢ ሲኩዌንስ ዲቴክተር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ተደራራቢ ሲኩዌንስ ዲቴክተር ሰዎች እንደሚያወሳስቡት አይደለም። 1011ን እንፈልግ እንበል። ትክክለኛ ቢት ሲመጣ አንድ ስቴት ወደፊት ሂድ፤ የተሳሳተ ቢት ሲመጣ ወደ መነሻው ስቴት ተመለስ። መደራረብ የሚነካው የመጨረሻዋን ቀስት ብቻ ነው። ለመደራረቡም አንድ ተጨማሪ ስቴት መክፈል ግድ ነው። ስቴቶቹን ሁልጊዜ በግሬይ ኮድ ሰይም፤ ሰርኪዩቱ ያንሳል፣ አውትፑቱም ከግሊች ይጸዳል። ኤክሳይቴሽን ቴብል የፈተና ሰዓት መብያ ነው፤ ፍሊፕ ፍሎፑ ምንም ዓይነት ይሁን የሚቀጥለውን ስቴት ኢንፑቱ ላይ ስጠው። ሲያልቅ 1011011 አስገባ፤ ኤልኢዲው ሁለቴ ከበራ ሥራህ ትክክል ነው።»

ብዙዎች የተቀባበሉት ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሲኩዌንስ ዲቴክተር ማለት ቢቶች አንድ በአንድ እየገቡለት የተፈለገው ቅደም ተከተል በመጣ ቁጥር አውትፑቱን 1 የሚያደርግ ሰርኪዩት ነው። የተነበበበት ምክንያት አለው። ቋንቋው ቀላል ነው፣ የተመረጠው ቅደም ተከተልም ለማስተማር የተመቸ ነው፤ 1011 የሚያልቅበት 1 ለሚቀጥለው 1011 መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል መደራረብን በግልጽ ያሳያል። ጸሐፊው ስለ መጨረሻዋ ቀስት የሰጡት ማብራሪያም ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያች ቀስት በፊት ያሉትን ሁሉ በአንድ የተሳሳተ ሐሳብ ማሰራቸው ነው። ስቴትን «ምን ያህል ተጉዘናል» የሚል ቆጣሪ አድርገው ወስደውታል። ስቴት ግን «እስካሁን ከመጣው ውስጥ ለወደፊቱ የሚጠቅመን የትኛው ነው» የሚል ትዝታ ነው። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ስለ ቀስቶቹ

አራት ስቴቶች እንያዝ። S0 ማለት የሚጠቅም ምንም አልያዝንም ማለት ነው። S1 ማለት የመጡት ቢቶች ጭራ 1 ነው፣ S2 ማለት 10 ነው፣ S3 ማለት 101 ነው። አሁን S3 ላይ ነን፣ የጠበቅነው 1 ነበር፣ የመጣው ግን 0 ነው። በጽሑፉ ሕግ ወደ S0 እንመለሳለን። ግን በእጃችን ያለው ምንድን ነው? 1010 ነው። የዚህ ጭራ 10 ሲሆን 10 ደግሞ የ1011 ጅማሬ ነው። ስለዚህ መሄድ ያለብን ወደ S2 ነው። ሁለት ትክክለኛ ቢቶች ይዘናልና መጣል የለብንም።

በቁጥር እንየው። የሚገባው 101011 ይሁን። የመጨረሻዎቹ አራት ቢቶች 1011 ናቸው፤ ዲቴክተሩ በስድስተኛው ቢት ላይ መጮህ አለበት። በትክክለኛው ዲያግራም ጉዞው S1፣ S2፣ S3፣ S2፣ S3 ሆኖ ስድስተኛው 1 ሲመጣ አውትፑቱ 1 ይሆናል። በጽሑፉ ዲያግራም ግን አራተኛው ቢት ወደ S0 ይጥለናል፣ አምስተኛው ወደ S1 ያወጣናል፣ ስድስተኛው 1 ደግሞ S1 ላይ «የተሳሳተ» ስለሚባል እንደገና S0 ላይ እንወድቃለን። ፊታችን ላይ ያለፈውን ቅደም ተከተል አላየነውም።

ልብ በሉ፤ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት 1011 የሉም። አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አምልጧል። ስለዚህ ጉዳዩ የመደራረብ ምርጫ አይደለም። መደራረብ የማይፈቅድ ዲቴክተርም ቢሆን S3 ላይ 0 ሲመጣ ወደ S2 መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ገና ምንም አልተገኘም፣ የተበላ ቢትም የለም። S1 ላይ 1 ሲመጣም እንዲሁ ነው። የፊተኛው 1 ይጣላል፣ አዲሱ 1 ግን ራሱ ጅማሬ ስለሆነ እዚያው S1 ላይ እንቆያለን። ይህን ያላደረገ ሰርኪዩት 11011 ሲገባለት ዝም ይላል።

ሕጉ እንግዲህ አንድ ነው፣ ለትክክለኛውም ለተሳሳተውም ቢት ይሠራል። ስቴቱ የሚወክለውን ጻፍ፣ አዲሱን ቢት ከኋላው ቀጥል፣ ከዚያ የዚህ የቢት ሰልፍ ጭራ ሆኖ የ1011 ጅማሬም የሆነውን ረጅሙን ፈልግ። የሚቀጥለው ስቴት እሱ ነው። ክኑት፣ ሞሪስ እና ፕራት እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት የጽሑፍ ፍለጋ ስልት ውስጥ ያለው ሐሳብም ይኸው ነው፤ ያኛው በሶፍትዌር፣ ይኸኛው በፍሊፕ ፍሎፕ ይሠራል እንጂ። ሲገኝ (S3 ላይ 1 ሲመጣ) በእጃችን 1011 አለ። ሙሉው ራሱ ተቆጥሮ ስላለቀ ከእሱ የሚያንሰውን ረጅሙን ጭራ እንፈልጋለን፦ 011 ጅማሬ አይደለም፣ 11 አይደለም፣ 1 ነው። ስለዚህ ወደ S1። ጸሐፊው በትክክል የሳሏት ቀስት ይህች ናት።

በዚህ ሕግ የሚወጣው ስቴት ቴብል የሚከተለው ነው። X የሚገባው ቢት ነው፤ ከተሻጋሪው መስመር በኋላ ያለው አኃዝ አውትፑቱ Z ነው።

```
        X=0     X=1
S0     S0/0    S1/0
S1     S2/0    S1/0
S2     S0/0    S3/0
S3     S2/0    S1/1
```

ስምንት ቀስቶች አሉ። ከስምንቱ በ«ተሳሳተ» ቢት የሚሄዱት አራቱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ወደ S0 የሚወስዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ S0 ላይ 0፣ S2 ላይም 0። ሌሎቹ ሁለቱ የያዙትን ይዘው ይቀጥላሉ። ጽሑፉ ግማሹን አግኝቶ ግማሹን ስቷል ማለት ነው።

ስለ ዋጋው

ከላይ ያለው ቴብል ተደራራቢ ነው፣ ያሉትም አራት ስቴቶች ብቻ ናቸው። መደራረብ የማይፈቅደውን ለመሥራት የሚለወጠው አንድ ቃል ነው፤ በመጨረሻው ረድፍ S1/1 የነበረው S0/1 ይሆናል። የስቴት ቁጥር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሁለቱም በሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ ይሠራሉ።

ጸሐፊው አምስተኛውን ስቴት ከየት እንዳመጡት እገምታለሁ። በሙር ዓይነት ማሽን አውትፑቱ ከስቴቱ ብቻ ስለሚወጣ «1011 ተገኝቷል» የሚል የራሱ ስቴት ያስፈልጋል። አምስት ስቴት ሲሆን ፍሊፕ ፍሎፑ ወደ ሦስት ያድጋል፣ ሦስት ኮዶችም ሥራ ፈት ይሆናሉ። ይህ እውነት ነው። ግን የተከፈለው ለሙር ነው እንጂ ለመደራረብ አይደለም፤ መደራረብ የማይፈቅድ የሙር ዲቴክተርም ያው አምስት ስቴት ይፈልጋል። በሚሊ አውትፑቱ ከስቴቱና ከኢንፑቱ አንድ ላይ ስለሚወጣ አራቱ ይበቃሉ።

ይባስ ብሎ እዚህ የያዝነው ቅደም ተከተል ላይ ሚዛኑ የሚያጋድለው በተቃራኒው ነው። ለስቴቶቹ ተራውን የባይነሪ ኮድ እንስጥ፤ S0=00፣ S1=01፣ S2=10፣ S3=11። የግራው ቢት Q1፣ የቀኙ Q0 ነው። ቴብሉን በቢት ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች የሚቀጥለው ስቴትና አውትፑቱ ናቸው።

```
Q1 Q0 X | Q1+ Q0+ | Z
0  0  0 |  0   0  | 0
0  0  1 |  0   1  | 0
0  1  0 |  1   0  | 0
0  1  1 |  0   1  | 0
1  0  0 |  0   0  | 0
1  0  1 |  1   1  | 0
1  1  0 |  1   0  | 0
1  1  1 |  0   1  | 1
```

የQ0+ን ዓምድ ከX ዓምድ ጋር አስተያዩት። አንድ ናቸው። ምክንያቱም 1 ሲመጣ የምንሄድባቸው S1 እና S3 ሁለቱም በ1 የሚያልቅ ኮድ አላቸው፣ 0 ሲመጣ የምንሄድባቸው S0 እና S2 ደግሞ በ0። Q0 የመጨረሻውን ቢት ራሱን ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። በዲ ፍሊፕ ፍሎፕ ሙሉ ዲዛይኑ ይኸው፦

```
D0 = X
D1 = Q0·X' + Q1·Q0'·X
Z  = Q1·Q0·X
```

አሁን መደራረብን እንከልክል። የመጨረሻው ረድፍ Q0+ ከ1 ወደ 0 ይለወጣል። D1 አይነካም። D0 ግን ባዶ ሽቦ መሆኑ ቀርቶ X·(Q1·Q0)' ይሆናል፣ ማለትም ተጨማሪ ጌት ይፈልጋል። እዚህ ቦታ ገንዘብ የሚያስወጣው መከልከሉ ነው። ለሁሉም ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል አልልም፤ ግን «ግድ ነው» ለሚል ድምዳሜ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃዋል።

ስለ ግሬይ ኮድ

ግሬይ ኮድን የሚያህል ጥሩ ነገር ያለቦታው ሲጠራ ያሳዝናል። የሚዞር ዘንግ ያለበትን ቦታ ለማንበብ፣ በሁለት የተለያዩ ክሎኮች መካከል የቆጣሪ ዋጋ ለማሻገር ወደር የለውም፤ እዚያ ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚሄደው። የእኛ ዲያግራም ግን ቆጣሪ አይደለም፣ ይዘላል።

S0=00፣ S1=01፣ S2=11፣ S3=10 ብለን ያንኑ ቴብል እንደገና እንሥራ። የሚወጣው ይህ ነው፦

```
D1 = Q1'·Q0·X' + Q1·Q0·X + Q1·Q0'·X'
D0 = Q1·Q0' + Q1'·Q0 + Q1'·X
Z  = Q1·Q0'·X
```

በD1 የካርኖ ማፕ ላይ ሦስቱ 1ዎች አንዱም ከሌላው ጋር አይጎራበትም፤ ምንም ማቃለል አይቻልም። D0 ደግሞ ከባዶ ሽቦ ተነሥቶ ሦስት ቁርጥራጭ ያለው ድምር ሆኗል። ሰርኪዩቱ አላነሰም፣ በግልጽ አድጓል።

ከግሊች ያጸዳል የሚለውስ? ግሬይ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ሽግግር አንድ ቢት ብቻ ሲለውጥ ነው። ዲያግራሙ ውስጥ S0 ወደ S1 ይሄዳል፣ S1 ወደ S2 ይሄዳል፣ S2 ወደ S0 ይሄዳል። ሦስት ማዕዘን ሆነ። ሦስት ኮዶች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ከሁለቱም በአንድ ቢት ብቻ እንዲለያዩ ማድረግ አይቻልም። ከአንዱ ኮድ ተነሥተህ ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ቢት ብትገለብጥ በኮዱ ውስጥ ያሉት የ1ዎች ብዛት ከጎዶሎ ወደ ሙሉ፣ ከሙሉ ወደ ጎዶሎ ሦስት ጊዜ ይቀያየራልና ወደ ተነሣህበት ልትመለስ አትችልም። ስለዚህ ፍሊፕ ፍሎፕ ብንጨምርም እንኳ እነዚህን ሦስት ሽግግሮች ሁሉ አንድ ቢት የሚያደርግ ኮድ የለም። ከላይ በሰጠነው ግሬይ S2 ወደ S0 ሲሄድ 11 ወደ 00 ይለወጣል፣ S3 ወደ S1 ሲሄድም 10 ወደ 01። የመጀመሪያው በመሃል ለአፍታ 10ን ሊነካ ይችላል፤ 10 ደግሞ S3 ነው።

ኮድ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የሚታይ አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ዓይነት ኢንፑት የሚደረስባቸው ስቴቶች አንድ የጋራ ቢት ሊኖራቸው ይችላል ወይ? እዚህ S1 እና S3 በ1 ይደረሳሉ፣ S0 እና S2 በ0። ያንን ለQ0 ስንሰጠው D0 በነጻ መጣ።

ስለ ፍሊፕ ፍሎፕ ኢንፑቶች

እዚህ ለጸሐፊው ሩቡን እሰጣለሁ። ለዲ ፍሊፕ ፍሎፕ የሚቀጥለው ስቴት ራሱ ኢንፑቱ ነው፤ ኤክሳይቴሽን ቴብሉ የቀድሞውን ዓምድ እንዳለ መቅዳት ብቻ ስለሆነ ቢቀር አይጎዳም። በጄኬም J ላይ የሚቀጥለውን ስቴት፣ K ላይ የእሱን ተገላቢጦሽ ብትሰጡ ይሠራል። የሚሠራው ግን ጄኬው ወደ ዲ ስለተለወጠ ነው። ጄኬ የተገዛበትን ጥቅም ጣልነው ማለት ነው።

ያ ጥቅም ግድ የለሽ ቦታዎቹ ናቸው። Q ከ0 ወደ 0 እንዲቆይ J=0 ይበቃል፣ K ምንም ይሁን። ከ0 ወደ 1 J=1፣ K ምንም ይሁን። ከ1 ወደ 0 K=1፣ J ምንም ይሁን። ከ1 ወደ 1 K=0፣ J ምንም ይሁን። ስለዚህ J የሚወሰነው Q=0 በሆነባቸው ረድፎች ብቻ ነው፣ K ደግሞ Q=1 በሆነባቸው ብቻ።

በእኛ የባይነሪ ቴብል ላይ ለQ1 እንሥራው። Q1=0 የሆነባቸው የላይኛዎቹ አራት ረድፎች ናቸው። ከእነሱ Q1+ 1 የሚሆነው 010 ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ J1 = Q0·X'። Q1=1 የሆነባቸው የታችኞቹ አራት ናቸው። ከእነሱ ወደ 0 የሚወርደው 100 እና 111 ላይ ነው፤ ማለትም Q0 እና X እኩል ሲሆኑ። ስለዚህ K1 የQ0 እና የX ኤክስኖር ነው። ለQ0 በተመሳሳይ መንገድ J0=X፣ K0=X' ይወጣል፤ ይህኛው ዲ ሆኖ ቀረ፣ የሚጠበቅም ነው።

```
J1 = Q0·X'      K1 = (Q0 ⊕ X)'
J0 = X          K0 = X'
```

በQ1 በኩል አንድ ኤንድና አንድ ኤክስኖር ብቻ ቀሩ። በጽሑፉ መንገድ ግን J1 ሙሉውን Q0·X' + Q1·Q0'·X ይሸከማል፣ K1 ደግሞ የዚህን ተገላቢጦሽ። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ቢመስልም ስምንት ስቴት ሲሆን ወረቀቱን ይሞላል።

ቲ ፍሊፕ ፍሎፕ ላይ ግን ነገሩ የቁጠባ ጉዳይ መሆኑ ያከትማል፤ ምክሩ በግልጽ ይሰብረዋል። ቲ የሚጠይቀው «ወዴት ልሂድ» ሳይሆን «ልለወጥ ወይስ ልቆይ» ነው። S1 ላይ ነን፣ 1 መጣ፣ S1 ላይ መቆየት አለብን። የሚቀጥለው Q0 ዋጋ 1 ነው። ያንን T0 ላይ ብንሰጠው Q0 ተገልብጦ 0 ይሆናል፣ ማሽኑም S0 ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው T የአሁኑና የሚቀጥለው Q ሲለያዩ ብቻ 1 መሆን አለበት፤ ከቴብሉ T0 = Q0 ⊕ X ይወጣል፣ T1 ደግሞ 010፣ 100 እና 111 ላይ 1 የሚሆን የማይቃለል ሦስት ቁርጥራጭ ነው። ለዚህ ዲያግራም ቲ መጥፎ ምርጫ መሆኑን የምናውቀውም ኤክሳይቴሽን ቴብሉን ስለሠራን ነው።

ጄኬን በእጅ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የድሮው ተራ 7476 በክሎክ ጠርዝ አይደለም የሚሠራው፤ ክሎኩ ከፍ ብሎ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ኢንፑቶቹን ይቀበላል። በዚያ መካከል J ላይ ለአፍታ 1 ከታየ ያንን ይዞ ክሎኩ ሲወርድ ያወጣዋል። 74LS76A ግን በሚወርደው ጠርዝ ላይ ብቻ ያያል። ዲዛይኑ በወረቀት ትክክል ሆኖ ቦርድ ላይ አንዳንዴ የሚስት ከሆነ ቺፑ ላይ የተጻፈውን ደግማችሁ አንብቡ።

ስለ ኤልኢዲውና ስለ ፈተናው

የመጨረሻው ምክር በጣም አሳሳቹ ነው፤ ስህተት ያለበትን ሰርኪዩት «ትክክል» ብሎ ያሳልፋል። 1011011ን በጽሑፉ የመጀመሪያ ሕግ በተሠራ ማሽን ላይ ተከተሉት፦ S1፣ S2፣ S3፣ ተገኘና S1፣ S2፣ S3፣ ተገኘ። ሁለት ጊዜ በራ። የተበላሹት ቀስቶች (S1 ላይ 1፣ S3 ላይ 0) ግን አንድ ጊዜም አልተረገጡም። ያልሄድክበትን መንገድ ደኅንነት ልትመሰክርለት አትችልም።

ቢያንስ ስምንቱም ቀስቶች መረገጥ አለባቸው፤ ከተረገጡ በኋላም የደረሱበት ቦታ ልክ መሆኑ በአውትፑቱ እንዲታይ ወዲያው የሚከተሉት ቢቶች መመረጥ አለባቸው። ለ1011 ይህን የ18 ቢት ሰልፍ እመክራለሁ፦

```
011011 001101 011011
```

ከS0 ተነሥቶ Z 1 መሆን ያለበት በ6ኛው፣ በ15ኛውና በ18ኛው ቢት ላይ ብቻ ነው። S1 ላይ 1 ሲመጣ ወደ S0 የሚወድቅ ማሽን 6ኛውን ያጣል። S3 ላይ 0 ሲመጣ ወደ S0 የሚወድቅ 15ኛውን ያጣል። መደራረብን የማያውቅ 18ኛውን ያጣል። የቀረው የትኛው እንደሆነ ሲታይ የተሳሳተችውን ቀስት በቀጥታ ይጠቁማል። ሊኖር የሚችለውን ስህተት ሁሉ ይይዛል ግን አልልም፤ ሽቦ ሲላላ የሚመጣውን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል።

ኤልኢዲው ራሱም ሊዋሽ ይችላል። Z = Q1·Q0·X ነው፤ X በቀጥታ ይገባበታል። S3 ላይ የደረስነው በ1 ነው። ክሎኩ ተነሥቶ ማሽኑ S3 ላይ ባረፈበት ቅጽበት ስዊቹ ገና ያንኑ የድሮ 1 ይዟል፤ አዲሱን ቢት አላስገባንም። Q1=1፣ Q0=1፣ X=1፤ ስለዚህ Z ወዲያው 1 ይሆናል። የሚቀጥለው ቢት 0 ከሆነ X ሲለወጥ ይጠፋል። በእጅ ክሎክ እየሰጠ ለሚሞክር ተማሪ ይህ ሰከንዶች ይቆያል፤ 1010 አስገብቶ ኤልኢዲው ሲበራ ያይና ትክክለኛውን ዲዛይን ያፈርሳል። Zን በሚወርድ ጠርዝ የሚቆጥር ቆጣሪ ክሎክ ላይ ያገናኘ ደግሞ ሳያውቀው የሚቆጥረው 1011ን ሳይሆን 101ን ነው፤ S3 በተረገጠ ቁጥር አንድ ምት ይደርሰዋልና።

የሚሊ አውትፑት የሚነበበው ክሎኩ ሊነሣ ሲል ነው፤ X ተቀይሮ ከረጋ በኋላ፣ ጠርዙ ከመምጣቱ በፊት። ኤልኢዲው በዚያች ቅጽበት ያለውን ብቻ እንዲያሳይ ከተፈለገ Zን በሦስተኛ ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ ማለፍ ነው። ያኔ ምልክቱ በጠርዙ ላይ ይወጣል፣ እስከሚቀጥለው ጠርዝም ሳይርገበገብ ይቆያል። ቆጣሪ ካለ ደግሞ Zን ክሎኩ ላይ ሳይሆን ኢኔብሉ ላይ ሰጥቶ ክሎኩን ከማሽኑ ጋር የጋራ ማድረግ ይሻላል።

ለመገጣጠም የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ዲውን ከመረጣችሁ አንድ 74HC74 ሁለቱንም ፍሊፕ ፍሎፖች ይይዛል፣ Q0' ደግሞ ከዚያው ከቺፑ ይወጣል። አንድ 74HC11 ሦስት ባለሦስት ኢንፑት ኤንድ ስላለው ለD1 ሁለት ቁርጥራጮችና ለZ ልክ ይበቃል፤ Q0·X' ላይ የሚተርፈውን ሦስተኛ ኢንፑት ወደ 5 ቮልት እሰሩት። ለX' ከ74HC04 አንድ ኢንቨርተር፣ ለድምሩ ከ74HC32 አንድ ኦር። የማይሠራባቸውን የእነዚህን ቺፖች ኢንፑቶች ተንጠልጥለው አትተዉ፤ ወደ መሬት ወይም ወደ 5 ቮልት ይታሰሩ።

በ74HC74 ላይ ፕሪሴቶቹ 4ኛና 10ኛ እግሮች ናቸው፣ ወደ 5 ቮልት ይሂዱ። ክሊሮቹ 1ኛና 13ኛ ናቸው፤ እነሱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ኃይል ሲበራ ለአፍታ ወደ 0 የሚወርድ ሪሴት ስጧቸው። አራቱም ኮዶች ሥራ ላይ ስለሆኑ ማሽኑ የትም ቢነሣ አይጠፋም፤ ግን በአጋጣሚ 11 ላይ ከተነሣ የመጀመሪያው 1 ሲገባ ያላየውን 1011 አየሁ ይላል። ክሎኩን በቁልፍ የምትሰጡ ከሆነም የቁልፉ ብረት እየነጠረ በአንድ ጫና ብዙ ጠርዝ ስለሚሰጥ በሬዚስተርና በካፓሲተር ለስልሶ በ74HC14 ይለፍ። ያለዚያ አንድ 1 ሦስት 1 ሆኖ ይገባና ቀስቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ጥፋቱ ስቴት ቴብሉ ላይ ይላከካል።